ቱስ ኮምፕሊመንት፦ ኮምፒውተር በመደመር ብቻ እንዴት ይቀንሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነጌቲቭ ቁጥርን በቱስ ኮምፕሊመንት ለመጻፍ «ቢቶቹን ገልብጥ፣ ከዚያ 1 ጨምር» የሚለውን ሕግ ዲጂታል ሎጂክ የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ለምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው ዝም ይላል። ሕጉን ያለ ምክንያቱ የያዘ ተማሪ ፈተና ላይ ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ይደናገራል። ፕሮግራም ሲጽፍም የመጣለት እንግዳ ቁጥር ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ ከሕጉ ይልቅ ምክንያቱ ላይ ነው ጊዜ የምንወስደው። ምሳሌዎቹን በሙሉ ማለት ይቻላል በ8 ቢት ሠርቻቸዋለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ብትሠሩ ጥሩ ነው።

ግራ ጫፍ ያለውን ቢት ለምልክት መመደብ ብቻ አይበቃም ነበር?

መጀመሪያ ለሁሉም ሰው የሚመጣው ሐሳብ ይሄ ነው። ግራ ጫፍ ያለው ቢት 0 ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ፣ 1 ከሆነ ነጌቲቭ ይሁን። የቀሩት 7 ቢቶች ደግሞ መጠኑን ይያዙ። በዚህ አጻጻፍ 5 ማለት 00000101፣ −5 ማለት ደግሞ 10000101 ነው። ለማንበብ በጣም ቀላል ነው።

ችግሩ የሚመጣው መደመር ስንጀምር ነው። 5 እና −5 ተደምረው 0 መስጠት አለባቸው። እስቲ እንደምራቸው፦

```
  00000101
+ 10000101
----------
  10001010
```

ይህ በዚያው አጻጻፍ ሲነበብ −10 ነው። ዝም ብሎ መደመር አልሠራም ማለት ነው። ማሽኑ ትክክለኛ መልስ እንዲያገኝ በመጀመሪያ የሁለቱን ቁጥሮች ምልክት ማየት አለበት። ምልክታቸው ከተለያየ የትኛው መጠን እንደሚበልጥ ያወዳድራል። ከዚያ ከትልቁ ትንሹን ይቀንሳል፣ ለውጤቱም የትልቁን ምልክት ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ የራሱ ሰርኪዩት ይፈልጋል። በዚያ ላይ 00000000 እና 10000000 ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ። «ውጤቱ ዜሮ ነው ወይ?» የሚለው ተራ ጥያቄ እንኳን ሁለት መልክ ይይዛል።

በዚህ መንገድ የሠሩ ማሽኖች ግን ነበሩ። የአይቢኤም 7090 አንዱ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ቢቶቹን መገልበጥ ብቻ መረጡ፣ 1 አይጨምሩም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 እንደዚያ ነበር። እሱም ቢሆን ከሁለቱ ዜሮዎች አላመለጠም። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው የአይቢኤም ሲስተም 360 ግን ቱስ ኮምፕሊመንትን ያዘ። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክም፣ ላፕቶፕም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ታዲያ ቱስ ኮምፕሊመንት በቀጥታ ሲገለጽ ምንድን ነው?

የግድግዳ ሰዓት እንውሰድ። ሰዓት ቆጣሪው 2 ላይ ነው። ወደ ኋላ 5 ብናዞረው 9 ላይ ይቆማል። አሁን ወደ 2 መልሱትና ወደ ፊት 7 አዙሩት። አሁንም 9 ላይ ይቆማል። ሰዓቱ ላይ ያሉት ቦታዎች 12 ስለሆኑ 5 መቀነስና 7 መጨመር አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ምክንያቱም 7 ማለት 12 ሲቀነስ 5 ነው። እንግዲህ ወደ ኋላ መዞር የማይችል ሰዓት ቢኖረን እንኳን መቀነስ አያቅተንም።

ስምንት ቢትም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ቦታዎቹ 256 መሆናቸው ነው። ከ0 ተነስቶ 255 ይደርሳል። አንድ ሲጨመርበት ዘጠነኛ ቢት ስለሌለው ወደ 0 ይመለሳል። ስለዚህ 19 መቀነስ ማለት 256 − 19፣ ማለትም 237 መጨመር ነው። በቃ፣ −19ን የምንጽፈው 237 በሚጻፍበት የቢት ቅርጽ ነው፦ 11101101።

ከ256ቱ ቦታዎች ግማሹ ለነጌቲቭ ይሰጣል። ከ0 እስከ 127 ያሉት ራሳቸውን ይወክላሉ። ከ128 እስከ 255 ያሉት ከእያንዳንዳቸው ላይ 256 ተቀንሶ ይነበባሉ። 255 የሚነበበው −1 ተብሎ ነው፣ 254 ደግሞ −2 ተብሎ፣ እንዲህ እያለ 128 ላይ ስንደርስ −128 ይሆናል። በዚህ አከፋፈል የነጌቲቮቹ ሁሉ ግራ ጫፍ ቢት 1 ነው፣ የቀሩት ደግሞ 0 ነው። ምልክቱን ከዚያ ቢት ማየት የምንችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ በግሌ ለንባብ የምመርጠው መንገድ ሌላ ነው። ግራ ጫፍ ያለውን ቢት ዋጋው 128 ሳይሆን −128 ነው ብላችሁ ያዙት። የቀሩት እንደ ወትሮው 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ናቸው። 11101101ን እናንብብ፦

```
-128 + 64 + 32 + 8 + 4 + 1 = -19
```

መገልበጥም የለ፣ 1 መጨመርም የለ። ፖዘቲቩም ነጌቲቩም በአንድ ዘዴ ይነበባል።

እሺ፣ ግን «ገልብጦ 1 መጨመር» ለምን 256 ሲቀነስ ቁጥሩን ይሰጣል?

አንድን ቁጥር ከራሱ ግልባጭ ጋር ደምሩት። 19 ማለት 00010011 ነው። ግልባጩ 11101100 ነው። አንዱ 1 ያለበት ቦታ ላይ ሌላው 0 አለው፣ አንዱ 0 ያለበት ላይ ሌላው 1 አለው። ስለዚህ በየቦታው ድምሩ 1 ነው፣ የሚያዝ ነገርም የለም፦

```
  00010011
+ 11101100
----------
  11111111
```

ስምንት 1ዎች 255 ናቸው። ይህ ለ19 ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል። እንግዲህ የ19 ግልባጭ 255 − 19 ነው ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ግን 256 − 19ን ነው። የጎደለው 1 ብቻ ስለሆነ እንጨምረዋለን። ሕጉ የመጣው ከዚህ ነው።

ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። 255 − 19ን ስንሠራ ከማንም ላይ መበደር አላስፈለገንም። በየቦታው ከ1 ላይ 0 ወይም 1 መቀነስ ነው፣ እሱም መገልበጥ ማለት ነው። መቀነስን አስቸጋሪ የሚያደርገው ከጎረቤት መበደሩ ነው። እዚህ መበደር ሙሉ በሙሉ ቀረ።

አንድ የመቀነስ ስሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራልን?

45 − 19ን እንሥራ። መልሱ 26 እንደሆነ እናውቃለን።

45 በ8 ቢት 00101101 ነው። 19ን ገልብጠን 1 ስንጨምር 11101101 እንዳገኘን ከላይ አይተናል። አሁን መደመር ብቻ ነው፦

```
    00101101    (45)
+   11101101    (-19)
------------
  1 00011010
```

ከቀኝ እንጀምር። 1 እና 1 ሲደመሩ 2 ነው፣ 0 ጽፈን 1 እንይዛለን። ቀጥሎ 0 እና 0 ናቸው፣ የያዝነው 1 ሲጨመር 1 ይጻፋል። ሦስተኛው ላይ 1 እና 1፣ 0 ጽፈን 1 እንይዛለን። አራተኛው ላይ 1፣ 1 እና የያዝነው 1 ሦስት ይሆናሉ፣ 1 ጽፈን 1 እንይዛለን። አምስተኛው ላይ 0 እና 0 ስለሆኑ የያዝነው 1 ይወርዳል። ስድስተኛው ላይ 1 እና 1፣ 0 ጽፈን 1 እንይዛለን። ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ በየተራ 0፣ 1 እና የተያዘው 1 አሉ። ሁለቱም ጋ 0 ይጻፋል፣ 1 ይያዛል። የመጨረሻው የተያዘ 1 ዘጠነኛ ቦታ ላይ ይወድቃል።

ማሽኑ ዘጠነኛ ቦታ የለውም። የቀረው 00011010 ነው፣ ማለትም 16 + 8 + 2 = 26።

ያ ዘጠነኛው 1 ሲጣል ስህተት አይፈጠርም?

አይፈጠርም። እንዲያውም ካልተጣለ ነው ስህተት የሚፈጠረው። ዘጠነኛው ቢት ዋጋው 256 ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በ−19 ፋንታ 256 − 19ን ስንጨምር፣ የእኛ ያልሆነ 256 አስገብተናል። 45 + 237 = 282 ነው። ከዚያ ላይ 256 ሲወጣ 26 ይቀራል። ያስገባነው ራሱ ነው የወጣው።

ውጤቱ ነጌቲቭ ሲሆንስ?

በቦታ እናቀያይራቸው፦ 19 − 45። 45 ማለት 00101101 ነው። ግልባጩ 11010010፣ 1 ሲጨመርበት 11010011 ይሆናል። እንደምር፦

```
  00010011    (19)
+ 11010011    (-45)
----------
  11100110
```

አሁን ዘጠነኛ ቢት ላይ የወጣ ነገር የለም። ያስገባነው 256 ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። የግራ ጫፉ ቢት 1 ስለሆነ ውጤቱ ነጌቲቭ ነው። −128 + 64 + 32 + 4 + 2 ስናደርገው −26 ይመጣል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 230 ብሎ ይጽፋል። ቢቶቹን ተራ ቁጥር አድርገን ካነበብናቸው በእርግጥም 230 ናቸው። ቢቶቹ ራሳቸው «እኛ ነጌቲቭ ነን» አይሉም። እንዴት እንደሚነበቡ የሚወስነው ስሌቱን የጻፈው ሰው ነው። ጥያቄው ምልክት ስላላቸው ቁጥሮች ከሆነ ንባቡም እንደዚያው መሆን አለበት።

ፈተና ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት የትኛው ነው?

የቢቶቹን ብዛት ሳይወስኑ መገልበጥ። 19ን 10011 ብለው በ5 ቢት ይጽፉና ይገለብጡታል፣ 01100 ያገኛሉ። 1 ሲጨምሩበት 01101 ይሆናል። ይህ 13 ነው። 13 ከየት መጣ ቢባል 32 − 19 ነው፤ ሳያውቁት ሰዓቱን 32 ቦታ ያለው አደረጉት። የግራ ጫፉ ቢት 0 ስለሆነም ውጤቱ ነጌቲቭ እንኳን አይመስልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ በግራ በኩል ዜሮ እየሞላችሁ 8 አድርሱት፣ ከዚያ ገልብጡ።

ሁለተኛው ስህተት ፖዘቲቭ ቁጥርንም መገልበጥ ነው። «45ን በቱስ ኮምፕሊመንት ጻፉ» ሲባል መልሱ 00101101 ነው፣ ምንም አይነካም። የሚገለበጠው ምልክቱን መቀየር ስንፈልግ ብቻ ነው።

ጊዜ ለሚያጥራችሁ አንድ አቋራጭ ልንገራችሁ። ከቀኝ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን 1 እስክታገኙ ድረስ እንዳለ ቀድታችሁ ጻፉ፣ ያንን 1 ጨምሮ። ከእሱ በስተግራ ያሉትን ሁሉ ገልብጡ። 20 ማለት 00010100 ነው። ከቀኝ 100ን እንዳለ እንቀዳለን፣ የቀረውን 00010 ወደ 11101 እንገለብጣለን። 11101100 ይሆናል፣ እሱም −20 ነው።

በሰርኪዩት ደረጃ ይህ እንዴት ይሠራል? ተጨማሪ 1 ለመደመር ሌላ ደማሪ አይፈልግም?

አይፈልግም። እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት በጣም የምወደው ክፍልም ይሄ ነው።

ሁለት ቁጥሮችን የሚደምር ሰርኪዩት አለን እንበል። ወደ ሁለተኛው ቁጥር መግቢያ በእያንዳንዱ ቢት ላይ አንድ ኤክስኦር ጌት እናስገባለን። ኤክስኦር አንደኛው እግሩ 0 ሲሆን የሌላውን እግር ቢት እንዳለ ያሳልፋል። አንደኛው እግሩ 1 ሲሆን ደግሞ የሌላውን ገልብጦ ያወጣል። ስለዚህ የሁሉንም ኤክስኦር አንድ አንድ እግር በአንድ ሽቦ እናያይዛለን። ያ ሽቦ 0 ሲሆን ሁለተኛው ቁጥር እንዳለ ይገባል። 1 ሲሆን ተገልብጦ ይገባል።

የቀረው 1 መጨመር ነው። ደማሪው ቀኝ ጫፍ ላይ፣ የመጀመሪያው ቢት ጋ፣ ከኋላ የሚመጣ የተያዘ ነገር የሚገባበት እግር አለው። በተራ መደመር ጊዜ እዚያ 0 ነው የሚገባው። ያንኑ መቆጣጠሪያ ሽቦ እዚያም እናስገባዋለን። በቃ። ሽቦው 0 ሲሆን ሰርኪዩቱ ይደምራል። 1 ሲሆን ቢቶቹ ተገልብጠው 1 ተጨምሮ ይገባሉ፣ ማለትም ይቀንሳል። ለዚያ 1 ምንም ተጨማሪ ጌት አልወጣም።

ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ለምትፈልጉ፣ 7483 የሚባለው ቺፕ ባለ4 ቢት ደማሪ ነው። 7486 ደግሞ በውስጡ አራት ኤክስኦር ጌቶች አሉት። ከሁለቱም ሁለት ሁለት ስትይዙ ባለ8 ቢት ደማሪና ቀናሽ ይወጣችኋል። የታችኛው 7483 የያዘውን ወደ ላይኛው ማሻገር እንዳትረሱ።

ሲሠራ የሚበላሽበት የታወቀ ቦታ አለ። መደመሩ ትክክል ሆኖ መቀነሱ ሁልጊዜ በ1 የሚያንስ ከሆነ፣ ለምሳሌ 45 − 19 በ26 ፋንታ 25 ከሰጠ፣ መቆጣጠሪያ ሽቦው ኤክስኦሮቹ ጋ ደርሶ የደማሪው መግቢያ ጋ አልደረሰም። እግሩ ግራውንድ ላይ እንደታሰረ ቀርቷል። የተገላቢጦሹም አለ። መቀነሱ ትክክል ሆኖ መደመሩ በ1 የሚበልጥ ከሆነ ያ እግር ምንም ሳይታሰር ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በዚህ የቺፕ ቤተሰብ ውስጥ ያልታሰረ እግር አብዛኛውን ጊዜ እንደ 1 ነው የሚቆጠረው።

ዘዴው የማይሠራበት ጊዜ አለ?

አለ። መልሱ ራሱ ከ−128 እስከ 127 ባለው ክልል ውስጥ የማይገባ ሲሆን። 100 + 50ን እንይ፦

```
  01100100    (100)
+ 00110010    (50)
----------
  10010110
```

ትክክለኛው መልስ 150 ነው። 150 ግን በዚህ ክልል ውስጥ ቦታ የለውም። ያገኘነው ሲነበብ −128 + 16 + 4 + 2 = −106 ነው። ሁለት ፖዘቲቭ ቁጥሮች ተደምረው ነጌቲቭ ሰጡ። ኦቨርፍሎው የሚባለው ይህ ነው።

እንዴት እናውቀዋለን? ምልክታቸው የተለያየ ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ኦቨርፍሎው በጭራሽ አይመጣም፣ ምክንያቱም ውጤቱ በሁለቱ መካከል ነው የሚወድቀው። አደጋው ያለው ምልክታቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለት ፖዘቲቮች ነጌቲቭ ከሰጡ፣ ወይም ሁለት ነጌቲቮች ፖዘቲቭ ከሰጡ፣ ውጤቱ የተበላሸ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ዘጠነኛው ቢት ላይ የወጣውን 1 ኦቨርፍሎው ነው ብሎ ሲያስብ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። 45 − 19 ላይ 1 ወጥቶ መልሱ ትክክል ነበር። 100 + 50 ላይ ምንም ሳይወጣ መልሱ ተሳሳተ። ሃርድዌሩ የሚያየው የተያዘውን ነገር፣ ማለትም ካሪውን ነው፦ ወደ ግራ ጫፉ ቢት የገባውንና ከእሱ የወጣውን። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ደህና ነው፣ ከተለያዩ ኦቨርፍሎው አለ። በ100 + 50 ላይ ወደ መጨረሻው ቢት 1 ገብቶ 0 ወጣ። ለዚህም አንድ ኤክስኦር ጌት ይበቃል።

ፕሮሰሰሩ ለሁለቱም የየራሳቸው ማሳያ ቢት አለው፣ አንዱ የካሪ፣ አንዱ የኦቨርፍሎው። ቁጥሮቹ ምልክት የሌላቸው ከሆኑ 10010110 ትክክለኛው 150 ነው፣ ማንም አይሳሳትም። ደማሪው የትኛው እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። አንዴ ይደምርና ሁለቱንም ማሳያ ቢቶች እንደ ውጤቱ 0 ወይም 1 ያደርጋቸዋል፤ የሚመለከተውን የሚመርጠው ፕሮግራሙ ነው። አሴምብሊ የምትጽፉ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመቀነስ በኋላ ኢንቴል ላይ የካሪው ቢት 1 ከሆነ «ተበድሯል» ማለት ነው። አርም ላይ ደግሞ 1 ማለት «አልተበደረም» ነው።

−128 ለምን ብቻውን ቀረ? +128 የለም እኮ።

ዜሮ ከፖዘቲቮቹ ወገን አንድ ቦታ ስለያዘች ነው። 128 ቦታዎች ለነጌቲቭ ተሰጡ፣ 128 ደግሞ ለዜሮና ለፖዘቲቮች። ስለዚህ ፖዘቲቩ 127 ላይ ያበቃል። የ−128ን ምልክት ለመቀየር ብትሞክሩ 10000000 ተገልብጦ 01111111 ይሆናል፣ 1 ሲጨመር ተመልሶ 10000000። ራሱን ይሰጣችኋል። በሲ ቋንቋ `abs(INT_MIN)` ላይ መተማመን የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የ2038 ችግር የሚባለው ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉ ሰከንዶች ነው። ቆጠራው ምልክት ባለው 32 ቢት ውስጥ ከተቀመጠ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው። ያ ሰከንድ የሚደርሰው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል።

በቀጣዩ ሰከንድ የሚሆነው በ8 ቢት 127 ላይ 1 ስንጨምር ከሚሆነው አይለይም። 01111111 ላይ 1 ሲጨመር 10000000 ይሆናል፣ ማለትም −128። እዚያም ቆጠራው −2147483648 ይሆናል። ከ1970 ወደ ኋላ ይህን ያህል ሰከንድ ሲቆጠር ዲሴምበር 1901 ላይ ያደርሳል። መፍትሔው ቆጠራውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ነው። አዳዲስ ሲስተሞች ይህን አድርገዋል። የሚያሠጉት ተተክለው የተረሱ ትንንሽ መሣሪያዎችና ጊዜን በ32 ቢት የሚያስቀምጡ የቆዩ ፋይሎች ናቸው።

የሙቀት ሴንሰሬ ፍሪዘር ውስጥ ስከተው 4085 ዲግሪ ይለኛል። ተበላሽቶ ነው?

ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ የተሳሳተው ንባቡ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን የታወቀ ሴንሰር እንውሰድ። ሙቀቱን በ16 ቢት ቱስ ኮምፕሊመንት ይልካል፣ አንዱ እርምጃ የዲግሪ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። −10.125 ዲግሪ ሲሆን −162 መላክ አለበት። 65536 − 162 = 65374 ነው፣ በሄክሳ ሲጻፍ `FF5E`። ይህን ምልክት የሌለው ቁጥር አድርጋችሁ ለ16 ካካፈላችሁት 4085.875 ይመጣል። ከዜሮ በላይ ሲሆን ግን ምንም ችግር አይታይም። ለዚህ ነው ስህተቱ ቤት ውስጥ ሲሞከር ሳይታይ ቆይቶ ፍሪዘር ውስጥ የሚወጣው።

የሚያደናግረው ሌላው ነገር ያው ኮድ አርዱዊኖ ኡኖ ላይ በትክክል ሠርቶ ኢኤስፒ32 ላይ መሳሳቱ ነው። ኡኖ ላይ `int` 16 ቢት ነው። የግራ ጫፉ ቢት በራሱ የምልክት ቦታ ላይ ያርፋል። ኢኤስፒ32 ላይ ግን `int` 32 ቢት ነው። 16ቱ ቢቶች ታችኛው ግማሽ ላይ ይቀመጡና ላይኛው በዜሮ ይሞላል። የምልክቱ ቦታ ላይ 0 ስላለ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ይነበባል። ስፋቱን በግልጽ ጻፉት፦

```c
int16_t raw = (int16_t)((hi << 8) | lo);
float t = raw / 16.0f;
```

ከጠባብ ወደ ሰፊ ስትሻገሩ ሁልጊዜ ሕጉ አንድ ነው። በግራ በኩል የሚሞላው ዜሮ ሳይሆን የምልክቱ ቢት ቅጂ ነው። −19 በ8 ቢት 11101101 ነው፣ በ16 ቢት 1111111111101101። በዜሮ ከሞላችሁት 237 ይሆናል። የምልክቱ ቅጂ የሚሠራበት ምክንያት ከላይ ካልነው ዋጋ ይወጣል። አንድ ቢት በግራ ሲጨመር አዲሱ ቢት −256 ያመጣል፣ የቀድሞው ደግሞ ከ−128 ወደ +128 ይለወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ እንደገና −128 ነው። ቁጥሩ አልተነካም።

ፓይተን ላይ `bin(-19)` ስል ለምን 11101101 አላገኝም?

የሚያወጣው `-0b10011` ነው፣ ማለትም የ19 ቢቶች ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት ተደርጎባቸው። ፓይተን ለሙሉ ቁጥሮች ስፋት አይወስንም። ስፋት ከሌለ ደግሞ 256 ይሁን 65536 ከየትኛው ላይ እንደሚቀነስ አይታወቅም። ስፋቱን እናንተ ስጡት፦

```python
format(-19 & 0xFF, '08b')   # '11101101'
```

`& 0xFF` የታችኞቹን 8 ቢቶች ብቻ ይተዋል፣ −19 ላይ 256 የመደመር ያህል ነው። በተቃራኒው ከሴንሰር ወይም ከፋይል የመጣ ባይት በእጃችሁ ካለና ነጌቲቭ ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ከ127 ሲበልጥ 256 ቀንሱለት፦

```python
x - 256 if x > 127 else x
```

237 ብታስገቡ −19 ይመለስላችኋል። ለ16 ቢት ከሆነ በ`0xFF` ፋንታ `0xFFFF`፣ በ`'08b'` ፋንታ `'016b'`፣ በ127 ፋንታ 32767፣ በ256 ፋንታ 65536 አድርጉት።